ጥያቄና መልስ፦ ብሩ ለሁሉም ካልበቃ የትኛው ፕሮጀክት ይቅደም?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ፕሮፊታቢሊቲ ኢንዴክስ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ፒአይ እያልን እንቀጥል። ኤንፒቪ ወደፊት የሚገባው ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ተሰልቶ ወጪው ሲቀነስ የሚቀረው እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። ስለ አክሲዮን፣ ስለ ዶላር ዋጋና ስለ ቤት መግዛት እንዳትጠይቁኝ። በሉ ጀምሩ።

ዱቄት ቤት፦ ጋሼ፣ የዱቄትና ብስኩት ፋብሪካ ፋይናንስ ላይ ነኝ። ዘንድሮ ለኢንቨስትመንት ያለን 60 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። አምስት ፕሮጀክት ቀርቧል፣ ሁሉንም በ20 በመቶ ዲስካውንት አድርጌያለሁ። አዲስ የብስኩት መስመር 50 ሚሊዮን ይፈጃል፣ ኤንፒቪው 17 ነው። ማሸጊያ ማሽን 20 ይፈጃል፣ ኤንፒቪው 10። የስንዴ ጎተራ 25፣ ኤንፒቪው 11። ሶላር 15፣ ኤንፒቪው 6። ማከፋፈያ መኪኖች 20፣ ኤንፒቪው 7.6። አለቃዬ ትልቁ ኤንፒቪ ያለው የብስኩት መስመሩ ስለሆነ እሱ ይሁን ብሏል። ልክ ነው?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ አይደለም። እንደዚህ ቁጥሩን ዘርዝሮ የሚመጣ ሰው ደግሞ እወዳለሁ።

አለቃህ ብሩ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ራሱ አያስፈልግም ነበር። ኤንፒቪያቸው ከዜሮ በላይ ስለሆነ አምስቱንም ትሠራላችሁ። አሁን ግን የጠበበው ብሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ፕሮጀክት ብዙ ያተርፋል» መሆኑ ይቀርና «ዘንድሮ የማወጣው እያንዳንዱ ብር የት ቢገባ ብዙ ያመጣል» ይሆናል። ወደፊት የሚገባውን ገንዘብ የዛሬ ዋጋ ዘንድሮ ለምታወጣው ብር አካፍለው፣ ፒአይ ማለት ይህ ነው። ማሸጊያው 30 ለ20 ነው፣ 1.50 ይመጣል። ጎተራው 1.44፣ ሶላሩ 1.40፣ መኪኖቹ 1.38፣ የአለቃህ ብስኩት 1.34። መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ።

ከላይ ጀምረህ ብሩ እስኪያልቅ ውረድ። ማሸጊያ፣ ጎተራና ሶላር። 20 እና 25 እና 15፣ ልክ 60 ሞላ። የሦስቱ ኤንፒቪ ድምር 27 ሚሊዮን ነው። ብስኩቱ ብቻውን 17 አምጥቶ 10 ሚሊዮን ብር ሥራ ፈት ያስቀምጥብሃል፤ በቀረችው 10 የሚሠራ ከዝርዝርህ ውስጥ አንድም የለም። ለአለቃህ 27 እና 17 ብለህ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አሳየው፣ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደረጃው መነሻ ነው። ውሳኔው ያለው የጥምሩ የኤንፒቪ ድምር ላይ ነው። ድምሩን እዩ። ዛሬ ማታ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ደጋግማችሁ ትረሱታላችሁ።

የመርካቶው ኦዲተር፦ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ትክክለኛው ፒአይ ኤንፒቪ ሲካፈል ለኢንቨስትመንቱ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው 0.50 እንጂ 1.50 አይደለም። አሠራሩ ሲለያይ ደረጃውም ሊለያይ ይችላል።

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ደረጃው አይለያይም። ያንተ የኔ ሲቀነስ አንድ ነው። ከሁሉም ላይ አንድ ስትቀንስ ማን ማንን ይቀድማል?

የመርካቶው ኦዲተር፦ ሪፖርት ላይ ግን የምንጽፈው…

ተማሪዋ፦ ኦዲተር፣ አምስቱንም በካልኩሌተር ሞከርኩት። 0.50፣ 0.44፣ 0.40፣ 0.38፣ 0.34። ተራው ያው ነው።

የመርካቶው ኦዲተር፦ እሺ ተራው ያው ነው። ግን አንዱ ፕሮጀክት በአንደኛው፣ ሌላው በሌላኛው ከተሠራ ጉድ ነው።

ሽማግሌው ሒሳብ፦ እሱ እውነት ነው። አንዱን መርጣችሁ ሁሉንም በሱ ሥሩ። እንቀጥል።

ባጃጅ ፈላጊ፦ እቁብ 600 ሺህ ደርሶኛል። ባጃጅ ይሻላል ወይስ ሱቅ?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ እንኳን ደረሰህ። የዛሬው ጥያቄ ግን አይደለም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ በኤክሴል ስሠራ የማሸጊያ ማሽኑን ዓይነት ፕሮጀክት፣ 20 ወጪ ሆኖ በየዓመቱ 10 ለአምስት ዓመት የሚያስገባ፣ ፒአይው 1.41 እየመጣብኝ ነው። እርስዎ 1.50 ነው ያሉት። ምን አጠፋሁ?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ቀመርሽን ሳላየው እነግርሻለሁ። እንዲህ ብለሽ ነው የጻፍሽው፦

```
=NPV(20%,B2:G2)
```

ቢ2 ላይ ያለው የዛሬው ወጪ ነው። ኤክሴል ግን ኤንፒቪ ውስጥ የገባውን የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚከፈል አድርጎ ይቆጥረዋል። ዛሬ የምትከፍይውንም አንድ ዓመት ወደ ፊት ገፋልሽ፣ ሁሉም ቁጥር ለ1.2 ተካፈለ። 9.9 መሆን የነበረበት 8.25 ሆነ። ትክክለኛው ኤንፒቪና ከሱ ቀጥሎ ፒአይው እነዚህ ናቸው፦

```
=B2+NPV(20%,C2:G2)
=NPV(20%,C2:G2)/ABS(B2)
```

ሁሉንም ፕሮጀክት እኩል ብታበላሽው ተራው አይቀየርም፣ አደጋውም ያለው እዚያ ነው፣ አይታወቅም። የሚፈነዳው ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን ሌላ ሰው ሲሠራው ነው። በእጅ ለማረጋገጥ ይህን ያዢ፦ በ20 በመቶ፣ በየዓመቱ እኩል የሚገባ ገንዘብ ለአምስት ዓመት ሲሆን በ2.99 ይባዛል። 10 ሲባዛ በ2.99፣ 29.9 ነው። ለ20 ሲካፈል ወደ 1.50 ይጠጋል።

ቡና ላኪ፦ እኔ ኤንፒቪውን ዜሮ በሚያደርገው ተመን፣ በአይአርአር ነው የምመርጠው። ፐርሰንት ስለሆነ ሁሉም ይገባዋል። ለምን አታወሳስቡትም?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ አይአርአር ብሩ የጠበበበትን ዓመት አያውቅም። ጥሩ የኮርስ ደብተር ፈልግ።

ዱቄት ቤት፦ ጋሼ ተመልሼ መጣሁ። ባንኩ ከሰዓት ደውሎ ብድሩን በ5 ሚሊዮን ቀነሰብን። በጀቱ 55 ሆነ። በእርስዎ ደረጃ መሠረት ሶላሩን ጥዬ ማሸጊያና ጎተራ አልኩ። 45 ሆነ፣ 10 ተረፈኝ። ልክ ነኝ?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ድምሩን እይ ብዬህ ነበር እኮ!

ማሸጊያና ጎተራ 21 ሚሊዮን ይሰጡሃል። አሁን ጎተራውን አውጣና ሶላሩንና መኪኖቹን አስገባ። 20 እና 15 እና 20፣ ልክ 55። ኤንፒቪው 10 እና 6 እና 7.6፣ ድምሩ 23.6። ሁለተኛ የወጣው ጎተራ ወድቆ ሦስተኛና አራተኛ የወጡት ገቡ፣ ፋብሪካውም 2.6 ሚሊዮን አተረፈ።

ለምን ይህ ሆነ ብትል፣ የፕሮጀክቶችህ ወጪ አይሰነጠቅም። ጎተራ 40 በመቶ አይሠራም። ፒአይ ደግሞ ሳይናገር የሚያምነው እያንዳንዱ ፕሮጀክት በፈለግከው መጠን ይቆረጣል ብሎ ነው። 60 ላይ ቁርጥራጮቹ በአጋጣሚ ስለገጠሙ ደረጃው ልክ ሆነ። 55 ላይ አልገጠሙም። ስለዚህ ምልክቱን ያዝ፦ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ መጨረሻ ላይ ወፍራም ትርፍራፊ ብር ከቀረህ ደረጃውን አትመነው፣ ጥምሮቹን በሙሉ ሞክር። አምስት ፕሮጀክት ቢበዛ 32 ጥምር ነው፣ ግማሹን በዓይንህ ትጥለዋለህ። ሃያ ፕሮጀክት ከሆነ የኤክሴልን ሶልቨር ክፈት፣ አስገባ ወይም ተው የሚለውን 1 እና 0 አድርገህ ስጠው።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ፣ ሥራ ያለው ሰው ይለፈው። 60 ላይ 27 ነበርክ፣ 55 ላይ 23.6 ሆንክ። ባንኩ የወሰደብህ 5 ሚሊዮን ብር 3.4 ሚሊዮን ኤንፒቪ ይዞ ነው የሄደው። ያቺ የመጨረሻዋ 5 ሚሊዮን ለፋብሪካው ያላት ዋጋ ይህ ነው፣ ከ20 በመቶው በላይ ማለት ነው። ታዲያ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ? የጎተራውን ኮንትራክተር ወይም የማሽኑን አቅራቢ ሄደህ «5 ሚሊዮኑን ከዓመት በኋላ ልክፈልህ» በለው። «7 አድርገህ ትከፍላለህ» ቢልህ ሰው ሁሉ ዘረፋ ነው ይልሃል። ሒሳቡን ሥራ። 7 ለ1.2 ሲካፈል 5.83 ነው። የጎዳህ 0.83 ብቻ ነው፣ 27 የነበረው 26.17 ይሆናል። አሁንም ከ23.6 ይበልጣል። እንዲያውም ወደ 10 ሚሊዮን አድርገህ ብትመልስ ነው እኩል ለእኩል የምትሆነው። ይህን ቁጥር ይዞ ድርድር የሚገባ ሰውና ሳይዝ የሚገባ ሰው አንድ አይደሉም።

ጥንቃቄ አለው። ለከርሞም ብሩ የሚጠብብህ ከሆነ ያ የምትከፍለው 7 ሚሊዮን የከርሞ ፕሮጀክት ያስጥልሃል። እሱን ከግምት አስገባ።

ባንክ ቤት ነኝ፦ ጋሼ፣ እኛንም አትውቀሱን። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ጥሩ ደንበኞችን ሁሉ ነው የመለስነው። በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢልም ቅርንጫፍ ላይ ያለ ሰው የተሰጠውን ኮታ ነው የሚያካፍለው።

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ማንንም አልወቀስኩም። እንዲያውም ጥሩ ነገር አነሳህ። ከውጭ የተጫነ ጣሪያና ራስህ ያበጀኸው ጣሪያ ሁለት ነገር ናቸው። ባንክ ከከለከለህ ፒአይ መሣሪያህ ነው። የቦርድ ሰብሳቢው ብድር ስለሚፈራ «60 ይበቃል» ካለ ግን ለቦርዱ የምታሳየው ሌላ ቁጥር ነው፤ ጣሪያው ስንት ሚሊዮን እያሳጣ እንደሆነ። ቅድም ያወጣናት 3.4 ለዚህም ታገለግላለች።

ቡና ላኪ፦ ኮላተራል በቤት ብቻ መያዙ ነው ዋናው ችግር። የኔ ቤት ሲገመት ግማሽ ዋጋ ሰጡኝ።

ባንክ ቤት ነኝ፦ ገማቹ መሐንዲስ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

ቡና ላኪ፦ መሐንዲሱን የሚከፍለው ማነው?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ይህን በውስጥ ተነጋገሩ።

የሐዋሳ ልጅ፦ ለማሸጊያው ሁለት አማራጭ ቢኖርስ? እኛ ጋ አንዱ ርካሽ ነው፣ 8 ሚሊዮን ሆኖ ኤንፒቪው 4.8። ሌላው 20 ሆኖ 10። ሁለቱን መግዛት አንችልም። ርካሹ ፒአይው 1.60 ስለሆነ እሱን መረጥን።

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ቸኮላችሁ። አንዱ ሌላውን በሚያስቀርበት ቦታ ፒአይ ትንሹን ያሞግሳል፣ ልማዱ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ ጭማሪዋን ነው። ከ8 ወደ 20 ስትወጡ 12 ሚሊዮን ትጨምራላችሁ፣ ኤንፒቪውም በ5.2 ያድጋል። የጭማሪዋ ፒአይ 1.43 ነው። ይህቺ 12 ሚሊዮን ሌላ ቦታ ብትገባ ከ1.43 በላይ ታመጣለች ወይ? በዱቄት ቤት ዝርዝር ውስጥ ከሆናችሁ 60 ሚሊዮን ሲኖር ውዱ ማሽን ያሸንፋል፣ 27 ይሰጣል። ርካሹ በየትኛውም ጥምር ቢገባ ከ23.4 አያልፍም።

55 ላይ ግን ነገሩ ይጣፍጣል። ርካሹ ማሽን ከጎተራውና ከመኪኖቹ ጋር 53 ይፈጃል፣ 23.4 ይሰጣል፣ 2 ሚሊዮንም ይተርፋል። ውዱ ከሶላሩና ከመኪኖቹ ጋር 55 ፈጅቶ 23.6። በ0.2 ሚሊዮን ልዩነት እኔ አልፈርድም። የሽያጭ ግምታችሁ ራሱ ከዚያ በላይ ይሳሳታል።

የመርካቶው ኦዲተር፦ እኔ ርካሹን ነበር የምወስደው። 2 ሚሊዮን በእጅ ይቀራል።

የሐዋሳ ልጅ፦ የርካሹ መለዋወጫ የት ይገኛል? ዓመት ሳይሞላው ቆሞ የሚቀር ማሽን አይተናል።

የመርካቶው ኦዲተር፦ ያ ኤንፒቪው ውስጥ መግባት አለበት እንጂ ከውጭ አይጨመርም።

የሐዋሳ ልጅ፦ የሚያስገባው ሰው ጠፋ እኮ ነው የምልህ።

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ሜካኒካችሁን ጠይቁ፣ እኔ ማሽን አላውቅም።

አዲስ ገቢ፦ ፒአይ ምንድነው? ስንት ከሆነ ጥሩ ነው?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

አዳማ ኢምፖርት፦ እኛ ብር ሞልቶናል፣ ያጣነው ዶላር ነው። ማሽን ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ኤልሲ ለመክፈት ባንኩ የሚሰጠን የተወሰነ ነው። ያኔስ ፒአይ ይሠራል?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ዛሬ ከተጠየቅኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሰው ሁሉ ፒአይ ሲሠራ ከክፍልፋዩ መስመር በታች ብር ያስቀምጣል፣ መጽሐፍ ላይ ብር ስለሆነ። ከታች የሚቀመጠው የጠበበው ነገር ነው። ዶላር ከጠበበ ዶላር ይግባ።

ለምሳሌ ማሸጊያ ማሽኑ 130 ሺህ ዶላር ይፈልጋል እንበል፣ ጎተራው ደግሞ ሲሚንቶውና ብረቱ እዚሁ ተገዝቶ ለማጓጓዣ ማሽነሪው ብቻ 60 ሺህ ዶላር። የማሸጊያው 10 ሚሊዮን ኤንፒቪ ለ130 ሺህ ሲካፈል በአንድ ዶላር 77 ብር ነው። የጎተራው 11 ሚሊዮን ለ60 ሺህ ሲካፈል 183 ብር። በብር ሲሰላ ማሸጊያው ቀዳሚ ነበር፣ በዶላር ሲሰላ ጎተራው ከሁለት እጥፍ በላይ ጥሎት ሄደ። ፕሮጀክቶቹ አልተቀየሩም፣ የጠበበው ነገር ተቀየረ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በዋጋ የምታገኙ ከሆነ ይህ ስሌት አያስፈልጋችሁም። የዶላሩን ውድነት ወጪው ውስጥ አስገብታችሁ በብር ሥሩ። ወረፋ ካለ ግን ከታች ዶላር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ፣ ዶላሩን በወረፋ ዋጋ አስወድዳችሁ መልሳችሁ ለዶላር ብታካፍሉ አንድን ችግር ሁለቴ ቆጠራችሁት።

ብርም ዶላርም አንድ ላይ ከጠበቡ ደግሞ አንድ ክፍልፋይ ሁለት ጣሪያ አይችልም። ሎሪና ሳቬጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1955 እ.ኤ.አ. የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው፣ የነሱ ሁለት ጣሪያ የሁለት ዓመት በጀት ነበር። ዛሬ ሶልቨር ሁለቱንም ጣሪያ ስትሰጠው ይሠራዋል። ዱቄት ቤት፣ የብስኩት መስመርህ ክፍያ ግማሹ ለከርሞ ከሆነ አንተም እዚህ ውስጥ ነህ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪስ፣ ደሞዝ፣ መብራት? ከታች ይገባል?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ አይገባም። በየዓመቱ ከሚገባው ላይ ይቀነሳል። ከታች የሚገባው ከዘንድሮው በጀት የሚወጣው ብቻ ነው። አስተውይ፣ አንድ ክፍል 3 ሚሊዮን የተከላ ወጪውን «ጥገና» ብሎ ወደ ላይ ቢያሻግረው ኤንፒቪው ብዙም አይነካም፣ ፒአይው ግን ያምርበታል። መኪኖቹን ውሰጂ። 27.6 ለ20 ሲካፈል 1.38 ነበር። 3ቱን ወደ ላይ ካሻገርሽ 24.6 ለ17 ይሆናል፣ 1.45። ጎተራውን በወረቀት በለጠው። የግብይት ክፍል ይህን ሲማር ጊዜ አይፈጅበትም። የመጀመሪያ ሥራ ማስኬጃ ስንዴ ግን ዘንድሮ የሚገዛ ከሆነ ከታች ይገባል፣ ብሩ የወጣው ከዚያው ካዝና ነው።

ቡና ላኪ፦ የዋጋ ንረቱስ?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ 20 በመቶው ንረት ካለበት የሚገባው ገንዘብም ንረት ይኑርበት። አልቋል።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። ስለዚህ ከፍተኛ ፒአይ ያለውን መምረጥ ነው አይደል?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ድምሩን። እዩ።

ዱቄት ቤት፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ኮንትራክተሩ አልተስማማም። 55 ላይ ቀርተናል። እንዳሉት ጎተራውን ለከርሞ ካሻገርኩት ያው ይጠብቀኛል አይደል?

ሽማግሌው ሒሳብ፦ በወረቀት አዎ። ከርሞ ቢሠራ 11 የነበረው ለ1.2 ተካፍሎ 9.17 ይሆናል፣ 1.83 ነው የምታጣው። ሶላሩ ቢዘገይ 1 ብቻ፣ መኪኖቹ ቢዘገዩ 1.27። ስለዚህ ሁሉም የሚጠብቁህ ከሆነና ለከርሞ በቂ ብር ካለ፣ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። ሶላሩንና መኪኖቹን አዘግይተህ ማሸጊያና ጎተራ ዘንድሮ ብትሠራ የምታጣው 2.27 ነው። ጎተራውን ብቻ ብታዘገይ 1.83። አሁንም ጎተራው ነው የሚዘገየው፣ ልዩነቱ ግን ከ2.6 ወደ 0.44 ወረደ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ጎተራው የሚያተርፈው በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴ ሲረክስ ገዝተህ ስለምታስቀምጥ ነው አይደል? ዘንድሮ ለመኸሩ ካልደረሰ አንድ ሙሉ የግዢ ወቅት ነው የሚያልፍህ። ለከርሞ ተመሳሳይ የዋጋ ልዩነት ይኖራል ብለህ ታምናለህ ወይ?

ዱቄት ቤት፦ እሱን ግዢ ክፍሉን ልጠይቅ።

ሽማግሌው ሒሳብ፦ ጠይቅ። 0.44 ሚሊዮን በአንድ መጥፎ የስንዴ ዋጋ ትገለበጣለች።